ስቶር ኪፐሩ ሳያውቀው የሚጽፈው ሒሳብ

በሐምሌ የመጀመሪያ ቀናት መርካቶን ያቋረጠ ሰው «ለቆጠራ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው በሮች አያጣም። የብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከተዘጋው በር ጀርባ ደግሞ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ካልኩሌተር ይዞ ይቆዝማል። አንድ የሕንፃ ቀለም ጅምላ አከፋፋይ እንውሰድ። ቆጠራው ባለ 20 ሊትር ነጭ ቀለም ላይ ደርሷል። መደርደሪያው ላይ የተንጠለጠለው ቢን ካርድ 50 ባልዲ ይላል። ሒሳብ ክፍል ያለው ኮምፒውተር 53 ይላል። የሽያጭ ሠራተኛዋ ደብተር 56 ይላል።

ወዲያው የሚመጣው ጥርጣሬ ስርቆት ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ግን ባልዲዎቹ 50 ሆነው ይገኛሉ፤ አንድም አልጠፋም። ሒሳብ ክፍል ያልደረሰች አንዲት የዕቃ ማውጫ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ትገኛለች፤ 3 ባልዲ የወጣባት ናት። ሽያጭ ክፍል ደግሞ ያቺን ወረቀት አላየም፤ በዚያ ላይ የሥራ ባልደረባዋ በሌለችበት ቀን የሸጠው 3 ባልዲ ደብተሯ ላይ አልሰፈረም። የጠፋው ቀለም ሳይሆን ግልባጭ ነበር።

በወረቀት ዘመን አንድ ሽያጭ ስንት ቦታ እንደሚገለበጥ መቁጠር ደስ አይልም። ትዕዛዙ በትዕዛዝ መቀበያ ጥራዝ ይጻፋል። ከዚያ የዕቃ ማውጫ ይቆረጣል፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 ያውቀዋል። ስቶር ኪፐሩ ቢን ካርዱ ላይ ይቀንሳል፣ ሌላ ሰው ስቶክ ካርድ ላይ ይቀንሳል፣ ደረሰኝ ይጻፋል፣ ደረሰኙ ወደ ሽያጭ መዝገብ ይተላለፋል፣ የወሩ ድምር ደግሞ ወደ ጠቅላላ የሒሳብ መዝገብ፣ አካውንታንቶች ሌጀር ወደሚሉት፣ ይገባል። አንድ ሽያጭ፣ ሰባት ጽሕፈት። ከሰባቱ አንዱ ላይ 38 በ83 ቢቀየር ወይም ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር፣ የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ካልሆነም በሐምሌ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ችግር የተፈታ መስሎ ነበር። አልተፈታም። ሽያጭ ክፍል ኤክሴል ከፈተ፣ መጋዘኑ የራሱን ፕሮግራም አስገባ፣ ሒሳብ ክፍል ፒችትሪ ላይ መሥራቱን ቀጠለ። ደብተሩ ስክሪን ሆነ እንጂ መገልበጡ አልቀረም። የወር መጨረሻው «ማስታረቅ» የሚባለው ሥራም ሦስቱ ፕሮግራሞች ለምን እንዳልተስማሙ የመመርመር ሥራ ነው።

መፍትሔው በሐሳብ ደረጃ የቆየ ነው። የአይ.ቢ.ኤም ተመራማሪው ኤድጋር ኮድ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ መረጃ በተያያዙ ሠንጠረዦች እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየ፤ በጽሑፉ ርዕስ ላይ ራሱ ቋቶቹ ብዙ ተጠቃሚ የሚጋራቸው ትልልቅ የመረጃ ቋቶች መሆናቸው ተጠቅሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ አምስት የቀድሞ የአይ.ቢ.ኤም ባልደረቦች ጀርመን ውስጥ ኤስ.ኤ.ፒ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። የመጀመሪያ ደንበኛቸው የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ በጀርመኗ ኦስትሪንገን የነበረው የናይለን ፋብሪካ ነው። የራሳቸው ኮምፒውተር ስላልነበራቸው ፕሮግራሙን የጻፉት በደንበኛው ማሽን ላይ ነበር። የምርቶቻቸው ስም ላይ የነበረው «አር» የሚለው ፊደል «በዚያው ቅጽበት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ያመለክታል፤ በዚያ ዘመን መረጃ በካርድ ተበስቶ ሌሊት በጅምላ ይሠራ ስለነበር፣ የተከሰተውን በተከሰተበት ቅጽበት መመዝገብ ራሱን የቻለ ሽያጭ ነበር። ዛሬ ይኸው አሠራር ከኤስ.ኤ.ፒ ጀምሮ እስከ ቤልጅጉ ኦዱ ድረስ ባሉ ፕሮግራሞች ይገኛል፤ የኋለኛው በነፃ የሚወርድ ቅጂ ስላለው ትናንሽ ድርጅቶችም ይሞክሩታል።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። ቆጠራው በ50 ባልዲ ተዘጋ፣ አከፋፋዩም አንድ ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ አዲስ ፕሮግራም አስገባ እንበል። ከ50ዎቹ 10 ባልዲ ቀድሞ ላዘዘ ሌላ ደንበኛ ተይዟል። አንድ ባልዲ በአማካይ የተገዛበት ዋጋ 2,500 ብር፣ መሸጫው ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 3,200 ብር ነው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ተቋራጭ ይደውልና 40 ባልዲ ያዝዛል። ሽያጭ ሠራተኛዋ የዕቃውን ኮድ ስታስገባ ሦስት ቁጥር ታያለች፦ በእጅ 50፣ የተያዘ 10፣ ነፃ 40። ዋጋውን እሷ አትጽፍም፤ ከዋጋ ዝርዝሩ ይመጣል። የደንበኛው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የዱቤ ጣሪያው ቀድሞ የተመዘገበ ስለሆነ ፕሮግራሙ ያለበትን ዕዳ ከአዲሱ ትዕዛዝ ጋር ደምሮ ጣሪያውን አለማለፉን ያያል። 40 ሲባዛ በ3,200፣ 128,000 ብር፤ 15 በመቶ ታክሱ 19,200፤ በድምሩ 147,200 ብር። «አጽድቅ» የሚለውን ትጫናለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ትዕዛዙ ሲጸድቅ ጠቅላላ መዝገቡ ላይ ምንም አይጻፍም። አንድም ብር። የሽያጭ ትዕዛዝ ቃል ነው፤ ሒሳብ ደግሞ የተፈጸመን ነገር እንጂ ቃልን አይመዘግብም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተያዘው ከ10 ወደ 50 አደገ፣ ነፃው ዜሮ ሆነ። በእጅ ያለው አሁንም 50 ነው፤ ምክንያቱም ከመጋዘኑ የነቃነቀ ባልዲ የለም።

በዚያችው ደቂቃ በሌላው ቅርንጫፍ ያለ ሻጭ ከዚያው ቀለም 20 ባልዲ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ቢሞክርስ? እሱም ስክሪኑ ላይ «ነፃ 40» የሚለውን ከጥቂት ሰከንዶች በፊት አይቷል። በሁለት ደብተር ዘመን ሁለቱም ይሸጡ ነበር፤ ጭቅጭቁ መጋዘን በር ላይ ይፈታል። በጋራ ዳታቤዝ ውስጥ ግን ዕቃውን የሚይዘው ትእዛዝ፣ ቀለል ተደርጎ ሲጻፍ፣ ይህን ይመስላል፦

```sql
BEGIN;
UPDATE stock
   SET reserved = reserved + 40
 WHERE item = 'PAINT-20L'
   AND on_hand - reserved >= 40;
COMMIT;
```

ቁም ነገሩ መጨረሻው ላይ ያለው ቅድመ ሁኔታ ነው፦ በእጅ ካለው የተያዘው ሲቀነስ ቢያንስ 40 ከተረፈ ብቻ ያዝ። የመጀመሪያዋ ሻጭ ትእዛዝ ያንን የዕቃውን መስመር ይቆልፈዋል። የሁለተኛው ሻጭ ትእዛዝ ቆልፉ እስኪከፈት ጥቂት ይጠብቅና ሲከፈትለት ቅድመ ሁኔታውን በአዲሱ ቁጥር ላይ እንደገና ይመረምራል። የተረፈው ዜሮ ስለሆነ ምንም መስመር አይነካም፤ ሻጩም «በቂ ዕቃ የለም» የሚል መልእክት ያያል። ስክሪኑ ላይ ያየው ቁጥር ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ የሚያዘው ግን በትክክለኛው ቁጥር ነው።

የተያዘው ትዕዛዝ በዚያው ቅጽበት ስቶር ኪፐሩ ዘንድ «ለጭነት የተዘጋጀ» ሆኖ ይታያል። ወረቀት ይዞ የሮጠ ተላላኪ የለም። ስቶር ኪፐሩ ከሠራተኞቹ ጋር ባልዲዎቹን ሲያወርድ ሁለቱ ክዳናቸው ተሰንጥቆ ቀለም እያዘሩ ያገኛቸዋል። የቀሩት 10 ጤነኛ ባልዲዎች የሌላ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ መኪናው ላይ የሚጫነው 38 ነው። ስክሪኑ ላይ 40ን ወደ 38 ይለውጥና ያረጋግጣል። ፕሮግራሙ «የቀረው 2 በኋላ ይላክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ይላል።

ይህ ሰው በሕይወቱ ዴቢትና ክሬዲት ተምሮ ላያውቅ ይችላል። ሆኖም ያቺን ቁልፍ ሲጫን የድርጅቱን ጠቅላላ መዝገብ ጽፏል። በእጅ ያለው ከ50 ወደ 12 ይወርዳል፤ በተመሳሳይ ቅጽበት መዝገቡ ላይ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ በ95,000 ብር ዴቢት፣ የዕቃ ክምችት ሒሳብ በ95,000 ብር ክሬዲት ይደረጋል። 38 ሲባዛ በ2,500 ማለት ነው። (ይህ ዕቃው ሲንቀሳቀስ ወዲያው ሒሳቡን የሚመዘግበው ዘዴ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ወጪውን ለጊዜው በመሸጋገሪያ ሒሳብ አቆይተው ደረሰኙ ሲወጣ ያዞሩታል። ክምችቱ ግን በሁለቱም መንገድ የሚቀነሰው አሁን ነው።) በኤስ.ኤ.ፒ ውስጥ ይህ ለደንበኛ ዕቃ የማውጣት እንቅስቃሴ 601 የሚል ኮድ አለው፤ በሙያው የቆዩ ሰዎች ቁጥሩን እንደ ስልክ ቁጥር ያስታውሱታል።

ፕሮግራሙ የትኛውን ሒሳብ እንደሚነካ ማን ነገረው? አንድ አካውንታንት፣ አንድ ቀን፣ ሥራው ሲጀመር። «ቀለም» የሚለው የዕቃ ምድብ ከየትኛው የክምችት ሒሳብ፣ ከየትኛው የወጪ ሒሳብ፣ ከየትኛው የሽያጭ ሒሳብ ጋር እንደሚያያዝ ሞልቷል። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ምዝገባዎች ያንን ሙሌት ተከትለው ይሄዳሉ። ያ ሰው በዚያ ቀን ቀለምን በስህተት ከቧንቧ ዕቃ ሒሳብ ጋር አያይዞት ከሆነም፣ በሺህ የሚቆጠሩት ሁሉ ተሳስተው ይሄዳሉ፤ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይኖር። የድሮው ሒሳብ ሠራተኛ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሳሳት ነበር፤ ይህኛው አንድ ጊዜ ይሳሳትና ዓመቱን ሙሉ ይደግመዋል።

ስለ ሁለቱ ስንጥቅ ባልዲዎችም እንናገር፤ ብዙ ቦታ የሚረሱት እነሱ ናቸው። መኪናው ከሄደ በኋላ ዳታቤዙ 12 ባልዲ አለ ብሎ ያምናል። ስቶር ኪፐሩ ሁለቱን «የተበላሸ» ወደሚል ክፍል ካላዛወራቸው፣ ነገ አዲስ ጭነት ከመግባቱ በፊት ለተቋራጩ ቀሪ ሁለት ባልዲ የተያዙት እነዚያው የሚያዘሩት ይሆናሉ። ካዛወራቸው ግን ቁጥሩ 10 ይሆናል፣ 5,000 ብርም በጉዳት ወጪ ሒሳብ ይቀመጣል፣ ተቋራጩ የሚጠብቃቸው ሁለቱ ባልዲዎች ግዢ ክፍል ዘንድ እንደ ጎደለ ዕቃ ይታያሉ። አንድ ሰው ሁለት ባልዲ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ አንቀሳቀሰ፤ ሦስት ክፍል አወቀ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ያለችው የሒሳብ ሠራተኛ «የተላከ፣ ደረሰኝ ያልወጣለት» የሚለውን ዝርዝር ትከፍታለች። የተቋራጩ ትዕዛዝ እዚያ አለ፤ ብዛቱ ግን 40 ሳይሆን 38። ደረሰኙን ስትፈጥር ስም፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ ታክስ፣ ሁሉም ከትዕዛዙና ከመላኪያው ይመጣል፤ እሷ የምትጽፈው ቁጥር የለም። 121,600 ብር ሽያጭ፣ 18,240 ብር ታክስ፣ ድምር 139,840 ብር። መዝገቡ ላይ ተሰብሳቢ ሒሳብ በ139,840 ዴቢት፣ ሽያጭ በ121,600 ክሬዲት፣ ለመንግሥት የሚከፈል ታክስ በ18,240 ክሬዲት ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ሰዓት ሪፖርት ቢከፍት ከዚህ ሽያጭ የተገኘውን ጥቅል ትርፍ 26,600 ብር ያያል፣ የባልዲዎቹን ጉዳት ደግሞ ለብቻው።

በድሮው መንገድ ደረሰኙ የሚቆረጠው ከትዕዛዝ ጥራዙ ነበር፤ በ147,200 ብር። የ7,360 ብር ልዩነቱን የሚያገኘው ተቋራጩ ነው። «ያልደረሰኝን ባልዲ አስከፈላችሁኝ» ይልና ሁለቱን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ክፍያ ያቆያል። ጅምላ ንግድ ውስጥ የከረመ ሰው ይህን ስልክ ያውቀዋል።

ሌላው ሊታይ የሚገባው ነገር በመሃል መብራት ቢጠፋ የሚሆነው ነው። ስቶር ኪፐሩ ቁልፉን ሲጫን ቢያንስ አራት መስመሮች ይለወጣሉ፦ የክምችቱ ብዛት፣ የመላኪያው ሁኔታ፣ የዴቢቱና የክሬዲቱ መስመር። ሁለተኛው ተጽፎ ሦስተኛው ሳይጻፍ መብራት ቢሄድ፣ ባልዲዎቹ ከክምችት ወጥተው ከሒሳብ ሳይወጡ ሊቀሩ ነው። ከላይ በኮዱ ላይ `BEGIN` እና `COMMIT` የሚሉት ቃላት ለዚህ ነው የቆሙት። በመካከላቸው ያለው ሁሉ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራል፤ ወይ ሁሉም ይጸናል፣ ወይ አንዱም አልተደረገም። እንደ ፖስትግሬስ ያሉ ዳታቤዞች ለውጡን ከመጽናቱ በፊት ዲስክ ላይ ባለ የውሎ ማስታወሻ ያሰፍሩታል፤ መብራቱ ተመልሶ ማሽኑ ሲነሳ ያንን ማስታወሻ አንብበው የጸናውን ያሟላሉ፣ ያልጸናውን እንዳልነበረ ያደርጉታል። ሦስት የተለያዩ ፕሮግራሞች በፋይል እየተላላኩ የሚሠሩ ከሆነ ግን ይህ ዋስትና ያለ ተጨማሪ ሥራ አይገኝም፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው መተኛቱን የሚያውቅ የለምና።

እያንዳንዱ ሰነድ ወላጁን ያስታውሳል። የደረሰኙ መስመር የመላኪያውን መስመር ቁጥር ይዟል፣ መላኪያው የትዕዛዙን፣ የመዝገቡ ምዝገባ የደረሰኙን። ኤስ.ኤ.ፒ ይህን ዝምድና `VBFA` በሚባል ሠንጠረዥ ያስቀምጠዋል። ኦዲተር መዝገቡ ላይ 95,000 ብር አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል፣ ፋይል ፍለጋ ምድር ቤት የሚወርድ ሰው አያስፈልግም፤ ከቁጥሩ ወደ መላኪያው፣ ከመላኪያው ወደ ሰኞ ጠዋቱ ትዕዛዝ ይደረሳል፤ ማን በስንት ሰዓት እንዳጸደቀው ጭምር። በዚሁ ምክንያት የጸና ምዝገባ አይሰረዝም። ደረሰኙ ስህተት ከሆነ የሚቀለብሰው ሌላ ሰነድ ይሠራና ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለቸኮለ ሥራ አስኪያጅ ይህ ግትርነት ይመስለዋል፤ «አጥፋው በቃ» ይላል። ቢጠፋ ኖሮ ልጆቹ ሁሉ ወላጅ አልባ ይሆኑ ነበር።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ አንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ዳታቤዙ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ መሆኑ ላይ። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ ይህን በውድ ዋጋ ተማረ። ኩባንያው በ112 ሚሊዮን ዶላር ወጪ፣ የኤስ.ኤ.ፒን አር/3 ጨምሮ በአንድ ላይ የተገጣጠሙ ሥርዓቶችን አስገብቶ በሐምሌ 1999 (እ.ኤ.አ.) አስጀመረ፤ ወቅቱ ለሃሎዊን በዓል የሚታዘዘው ከረሜላ የሚጎርፍበት ነበር። ጥቅምት ሲደርስ ሱቆች ያዘዙት አልመጣም ብለው ጮኹ፤ መጋዘኖቹ ግን ከረሜላ ነበራቸው። በወቅቱ ጋዜጦች እንደዘገቡት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ሠራተኞቹ በዓል ሲቃረብ ትርፉን ዕቃ ባገኙት ጊዜያዊ ቦታ የመከመር የቆየ ልማድ ነበራቸው፤ እነዚያ ቦታዎች ግን በአዲሱ ሥርዓት እንደ ማከማቻ አልተመዘገቡም። ለዳታቤዙ እዚያ ያለው ከረሜላ አልተፈጠረም። የለም ያለውን ደግሞ አይዝም፣ ያልያዘውን አይልክም፣ ያልላከውን አያስከፍልም። የኩባንያው የዚያ ሩብ ዓመት ትርፍ ከቀደመው ዓመት ጋር ሲነፃፀር በ19 በመቶ ወረደ።

የኸርሺ ችግር በግዙፍ ልክ ነው፤ በአንድ ፎቅ መጋዘን ግን በየሳምንቱ ይታያል። ከአቅራቢው የመጣ መኪና ከሰዓት በኋላ ደረሰ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል፣ ስቶር ኪፐሩ ገቢውን ሳይመዘግብ ቀጥታ ከመኪናው ላይ ሸጠ። ፕሮግራሙ እንዲፈቅድ ተደርጎ የተሞላ ከሆነ በእጅ ያለው ቁጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል። አሉታዊ ቀለም! ይባስ ብሎ ወጪው በአሮጌው አማካይ በ2,500 ብር ተመዝግቧል፤ አዲሱ ጭነት ግን በ2,700 የተገዛ ነው። ገቢው በማግስቱ ሲመዘገብ የብዛቱ ጉድለት ይሞላል፤ በእያንዳንዱ ባልዲ ላይ የቀረው 200 ብር ግን ፕሮግራሙ ራሱ ካላስተካከለው በክምችቱ ዋጋ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዜሮ በታች የሆኑ ዕቃዎችን ዝርዝር በየጠዋቱ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ መጋዘን ግን ያንን ዝርዝር የሚያየው በቆጠራ ሰሞን ነው።

ከዚህ የባሰው ጥፋት የሚመጣው ደግሞ ከአካውንታንቱ ነው፤ ያውም በቅንነት። የክምችት ዋጋ ሪፖርቱ አንድ ቁጥር፣ ጠቅላላ መዝገቡ ላይ ያለው የክምችት ሒሳብ ሌላ ቁጥር ያሳየዋል። ወሩ መዘጋት አለበት። ልዩነቱን ለማጥፋት በቀጥታ የክምችት ሒሳቡ ላይ የማስተካከያ ምዝገባ ይጽፋል። በዚያች ደቂቃ ሁለቱ ቁጥሮች ይስማማሉ፤ ነገር ግን ከማንኛውም ባልዲ ጋር ያልተያያዘ ገንዘብ መዝገቡ ላይ ተቀምጧል፣ እውነተኛው ምክንያትም ከሥሩ ተቀብሯል። ዋናው ምክንያት በሚቀጥለው ወር ሲስተካከል ልዩነቱ በተቃራኒው ይመለሳል። ልምድ ያላቸው አስገቢዎች ለዚህ ነው የክምችት ሒሳብን ለእጅ ምዝገባ የሚዘጉት፤ እዚያ ሒሳብ ውስጥ መግባት የሚቻለው በመጋዘን እንቅስቃሴ በኩል ብቻ እንዲሆን። ኤስ.ኤ.ፒ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባስተዋወቀው ኤስ/4 ሐና አንድ እርምጃ ሄዶ የመዝገቡን መስመሮች `ACDOCA` በሚባል አንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ሰብስቧል፤ ዕቃው፣ ደንበኛውና የሒሳብ ቁጥሩ አንድ መስመር ላይ ስለሚቀመጡ የሚታረቅ ሌላ ግልባጭ እንዲቀንስ ተብሎ ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ተጨማሪ ስፌት አለ። በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ ያለበት ነጋዴ ለደንበኛው የሚሰጠው ሕጋዊ ደረሰኝ ከመሣሪያው የሚወጣው ነው። ፕሮግራሙ ከመሣሪያው ጋር ካልተያያዘ፣ ካሸሯ ስክሪኑ ላይ ያየችውን 139,840 ብር እንደገና መሣሪያው ላይ ትመታዋለች። ያን ሁሉ መንገድ ሳይገለበጥ የመጣ ቁጥር በመጨረሻው በር ላይ በጣት ይገለበጣል ማለት ነው። መሣሪያው ያወጣው ቁጥር ዳታቤዙ ላይ ባለው ደረሰኝ ላይ ካልሰፈረ፣ ለግብር ባለሥልጣኑ የሚቀርበው የታክስ ማስታወቂያና የድርጅቱ መዝገብ የሚተያዩበት መንገድ አይኖርም። ፊስካል ፕሪንተሩን ከፕሮግራሙ ጋር የሚያገናኘው ሥራ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ በአንዲት አጭር መስመር ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ግን እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሊሸጥልዎ የመጣ ሰው ላፕቶፑን ሲከፍት የሚያሳይዎ ያማሩ ሰንጠረዦችና ባለቀለም ግራፎች ይሆናሉ። እነሱን ይተዉአቸውና 40 ባልዲ እንዲያዝ ያድርጉት። ከዚያ 38 ብቻ እንዲያስወጣ፣ ሁለቱን ወደ ተበላሸ ክፍል እንዲያዛውር፣ ደረሰኙንም እንዲያወጣ ይጠይቁት፤ አንድም ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ እንዳይጽፍ ጣቶቹን እያዩ። በመጨረሻ ጠቅላላ መዝገቡን ያስከፍቱትና 95,000 ብሩ ላይ ተጭኖ ወደ መጀመሪያው ትዕዛዝ ይመልስዎ። እዚያ መድረስ ካልቻለ የመጣው ሦስት ደብተር በአንድ ስክሪን ይዞ ነው፤ ሻይ ጋብዘው ይሸኙት።